ሴፕቲክ ታንክና ሶክ አዌይ፦ ዋልካ መሬት ላይ ከመቆፈራችሁ በፊት

እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ቪዲዮ የፍሳሽ መስመር ያልደረሰበት ቦታ ላይ ቤት ለምትሠሩ ነው። እንደ አቃቂ ቃሊቲ ዋልካ አፈር የሚበዛበት ሰፈር፣ ስድስት ሰው የሚኖርበት ቤት እንበል።

መጀመሪያ የጠላ ጋን አስቡልኝ። ጠላው ሳይነካ ሲቀመጥ አተላው ይዘቅጣል፣ ቀላል ቀላሉ ከላይ ይንሳፈፋል፣ የጠራው መሃል ላይ ይቀራል። ጋኑን ከነቀነቃችሁት ግን ሁሉም ይደፈርሳል። ታንክም ልክ እንደዚያ ነው፤ ሥራው ማርጋት ነው። መውጫው ላይ ቲ የሚባለውን የቱቦ መጋጠሚያ የምንገጥመውም ለዚህ ነው፤ የታችኛው እግሩ የሚንሳፈፈውን ቅባት አልፎ ይወርድና ከመሃል የጠራውን ብቻ ይወስዳል። ቲው ከሌለ ቅባቱ ቀጥታ ሶክ አዌይ ውስጥ፣ ማለትም ከታንኩ የወጣውን ውሃ ወደ አፈር የሚያሰርገው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

ልኩን ቶሎ ልበል፦ ለአንድ ሰው በቀን 100 ሊትር፣ ለስድስት ሰው 600 ሊትር። 3 ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ታንክ፣ ለሁለት የተከፈለ፣ የፊተኛው ክፍል ሁለት ሦስተኛውን የያዘ። የዝናብ ውሃ አታስገቡበት፤ ያረጋችሁትን ያደፈርሰዋል።

አሁን ብዙዎቻችሁ ኮሜንት ላይ የምትጽፉት፦ «የታንኩን ወለል ሳንለስነው ብንተወው ራሱ አይሰርግም ወይ?» አይሆንም፣ በፍጹም አይሆንም! ያልረጋው ቆሻሻ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ መስረጉም ይቆማል። ክረምት ላይ ደግሞ የመሬቱ ውሃ ወደ ውስጥ ገብቶ ታንኩን ይሞላዋል፤ መምጠጫ መኪና ብትጠሩ በሳምንቱ ተመልሶ ይሞላል። ወለሉም ግድግዳውም ውሃ እንዳያሳልፍ ይለሰን። ማስረግ የሶክ አዌዩ ሥራ ነው።

ሶክ አዌይ ደግሞ በአፈሩ ይለካል። ውሃው በሚሰርግበት ጥልቀት ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ማታውን በውሃ እየሞላችሁ አሳድሩት፣ በማግስቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ለመውረድ የሚፈጀውን ቁጠሩ። ማሳደሩን እንዳትዘሉት! ዋልካ በበጋ ይሰነጠቅና ውሃውን ዋጥ ያደርገዋል፤ ሲረጥብ አብጦ ስንጥቁ ይዘጋል። በጥር ጥሩ የመሰለው ጉድጓድ ሐምሌ ላይ ግቢ ውስጥ የሚገነፍለው በዚህ ነው። (የሙከራውን አሠራር ለብቻው ስለምንሠራው ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁን።)

መካከለኛ አፈር በካሬ ሜትር ግድግዳ በቀን 20 ሊትር ያህል ቢቀበል፣ ለ600 ሊትር 30 ካሬ ያስፈልጋል። ስፋቱ 2 ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ በአንድ ሜትር ጥልቀት 6 ካሬ አካባቢ ግድግዳ ስለሚሰጥ፣ ከመግቢያው ቱቦ በታች 2 ሜትር ተኩል የሚወርዱ ሁለት ጉድጓዶች ይበቃሉ። ወለላቸው ከክረምቱ የመሬት ውሃ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ይበል፤ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ካለ ደግሞ 30 ሜትር ይራቁ።

አንዱ ሴንቲ ሜትር ከ25 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ግን ሶክ አዌይ አትቆፍሩ። ከዋልካው ሥር ውሃ የሚያሰርግ ንብርብር መኖሩን አስፈትሹ፤ ከሌለ መውጫ የሌለው ትልቅ ታንክ ሠርታችሁ፣ መምጠጫ መኪና ደጁ ድረስ የሚገባበትን መንገድ ከአሁኑ ተዉለት።