ቁልፉ ሲቀየር፦ ተከራይ በሕግ የሚወጣው እንዴት ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ማታ ከሥራ መልስ እዚህ ለመገኘት ስንቶቻችሁ እንቅልፋችሁን እንደሰዋችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። እዚህ ሲያትልና አካባቢው ከተከራይ ጠበቆች ጋር በአስተርጓሚነትና በረዳትነት እሠራለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ የአንዲት እህታችንን ታሪክ ነው። ስሟን አልጠራም። «ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ንገሪልኝ» ብላ ፈቅዳልኛለች።

ይህች እህት ተክዊላ ውስጥ ከአንድ የሀገር ልጅ ቤት ምድር ቤቱን ተከራይታ ትኖር ነበር። የራሷ መግቢያ፣ የራሷ ኩሽና አላት። ኪራዩ በወር 1,600 ዶላር ነው። ውል የሚባል ወረቀት የለም፤ በቃል ነው የተስማሙት። ኤርፖርት በማታ ፈረቃ ጽዳት ትሠራለች። አንድ ወር ሰዓት ተቀነሰባትና 900 ብቻ ከፈለች። 700 ቀረባት።

በወሩ በ6ኛው ቀን አከራዩ በሯ ላይ ወረቀት ለጠፈ። በ16ኛው ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ከሥራ ስትመለስ ቁልፏ አልገባ አላት። መጀመሪያ የተሳሳተ ቁልፍ የያዘች መስሏት ነበር። በስልኳ መብራት ስታየው የበሩ ቁልፍ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ምንጣፉ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ወድቋል። ወዲያው ቴክስት መጣላት፦ «ዕዳሽን ስትከፍዪ ቁልፉን ትወስጃለሽ»። ልጆቿ ጓደኛዋ ጋ ነበሩ። የአንደኛው ልጅ የአስም መድኃኒት ግን ቤት ውስጥ ነበር።

እሷም፣ በማግስቱ የደወለችላቸው ዘመዶቿም፣ ነገሩ ያማል እንጂ ሕገወጥ ነው ብለው አላሰቡም። «ቤቱ የሱ ነው፣ ኪራይ አልተከፈለውም፣ ምን ይደረግ» አሏት። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው ይህ አስተሳሰብ ስህተት መሆኑን ነው።

በዋሽንግተን ስቴት ሕግ አከራይ የቤቱ ባለቤት ነው፤ ቤቱን በእጁ ይዞ የሚኖርበት ግን ተከራዩ ነው። ያንን ይዞታ መንጠቅ የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የስቴቱ የአከራይና የተከራይ ሕግ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ተከራይን ማስወጣትም ሆነ ከቤቱ መዝጋት ሕገወጥ ነው ይላል። ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ ቢሆንም። ውል በወረቀት ባይኖርም። በቃል ተስማምቶ በየወሩ የሚከፍል ሰውም ተከራይ ነው። መብራት ወይም ውሃ ቆርጦ ሰው እንዲወጣ ማድረግም ያው ነው። በዚያ እንኳ ተከራዩ ከደረሰበት ጉዳት ሌላ በቀን እስከ 100 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል።

ነገሩ የአሜሪካ ፈጠራም አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1381 ነው ሰው መብት ቢኖረው እንኳ በጉልበት ቤት ውስጥ እንዳይገባ ሕግ የወጣው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንዱ በር ሲሰብር ሌላው ዱላ ያነሳል። ሁለቱም «ሐቁ የኔ ነው» ይላሉ። የኛ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ በድንበር ምክንያት የሚመጣውን ጠብ ከልጅነቱ ያውቃል።

እንግዲህ አከራዩ ምን ማድረግ ነበረበት? ይህን ሰው ሰይጣን አድርጌ መሳል አልፈልግም። እሱም ባንክ የሚከፍለው የቤት ዕዳ አለበት። 700 ዶላሩም ይገባዋል። መንገዱን ነው የሳተው።

የመጀመሪያው እርምጃ ማስጠንቀቂያ፣ ሁላችንም «ኖቲስ» የምንለው ነው። ኪራይ ላልተከፈለበት የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። «ክፈል ወይም ልቀቅ» የሚለው ወረቀት ነው። እነዚህ 14 ቀናት የመዘጋጃ ጊዜ ብቻ አይደሉም። ጥፋቱን የማስተካከያ ጊዜ ናቸው። በነዚህ ቀናት ውስጥ ወረቀቱ ላይ ያለውን ኪራይ ከከፈላችሁ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ኪራያችሁ እንደነበረ ይቀጥላል፣ አከራዩም «አይ፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ውጡ» ማለት አይችልም። ቀኑ የሚቆጠረው ወረቀቱ ከደረሳችሁ ማግስት ጀምሮ ነው። እህታችን በ6 ከደረሳት እስከ 20 ጊዜ ነበራት። ቁልፉ የተቀየረው በ16 ነው። የተሰጣት ጊዜ እንኳ አላለቀም ነበር።

አሁን ወረቀቱን እንየው። የተጠየቀችው 930 ዶላር ነው። 700 ኪራይ፣ 150 የዘገየችበት ቅጣት፣ 80 ደግሞ «የኖቲስ ማዘጋጃ» ይላል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። በዚህ ወረቀት ላይ መጠየቅ የሚቻለው ኪራይና በውሉ የተስማማችሁበት እንደ ውሃና መብራት ያለ በየወሩ የሚከፈል ክፍያ ነው። የመዘግየት ቅጣት፣ የጉዳት ካሳ፣ የጠበቃ ወጪ በሕጉ አነጋገር ኪራይ አይደሉም። ቅጣቱ በውል ካለ አከራዩ እንደማንኛውም ዕዳ ለብቻው ሊጠይቅ ይችላል። ሰውን ከቤት ማስወጫ ምክንያት ግን አይሆንም። የምትከፍሉት ገንዘብም መጀመሪያ የሚቆጠረው ለኪራይ ነው።

እህታችን በ10 ቀን ውስጥ ተበድራም ቢሆን 700 ዶላሩን አግኝታ ነበር። ይዛ ስትሄድ «930 ካልሆነ አልቀበልም» አላት። እሷም 230 ዶላር ፍለጋ ስትሯሯጥ ነው በሩ የተዘጋባት። ያን ቀን 700 ዶላሩን በመኒ ኦርደር ሰጥታ፣ ፎቶ አንስታ፣ «ይኸው የዚህ ወር ቀሪ ኪራይ» ብላ ቴክስት ብትልክ ኖሮ እጇ ላይ ማስረጃ ይኖራት ነበር። በካሽ የምትከፍሉ ደግሞ ደረሰኝ ጠይቁ። ካሽ የተቀበለ አከራይ ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው። «የሀገር ልጅ ነው፣ ይሉኝታ ያዘኝ» አትበሉ።

ከኪራይ ውጪ ላለ ጥፋት፣ ለምሳሌ ውሉ የማይፈቅደውን ውሻ ማምጣት ወይም ሰው መጨመር፣ ማስተካከያው 10 ቀን ነው። ቤቱን ማበላሸት ወይም ጎረቤትን በከባድ ሁኔታ ማወክ ሲሆን ግን የ3 ቀን ወረቀት አለ። እሱ ማስተካከያ ጊዜ የለውም። ከባለቤቱ ጋር ኩሽና ወይም መታጠቢያ የምትጋሩ ደግሞ ባለቤቱ ያለ ምክንያትም ቢሆን ቢያንስ የ20 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ሰጥቶ ኪራዩን ማቋረጥ ይችላል። እሱም ቢሆን ቁልፍ መቀየር አይደለም።

14 ቀኑ ቢያልፍስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ደንግጦ ዕቃውን ይጭናል። ቀኑ ስላለፈ ብቻ ማንም ከቤቱ አይወጣም። ለአከራዩ የተከፈተለት የክስ በር ነው። ሰመንስ የሚባለውን መጥሪያና የክስ ወረቀት ያደርሳል። በዚህ ስቴት አንድ ሰው የሚያታልል ነገር አለ። ክሱ ገና ፍርድ ቤት ሳይገባ ሰመንሱ ሊደርሳችሁ ይችላል። የመዝገብ ቁጥር የለበትም፣ ማኅተም የለበትም። «ይሄ የውሸት ነው» ብለው የጣሉ ሰዎች አይቻለሁ። የውሸት አይደለም። ላዩ ላይ ቀነ ገደብ አለ። እስከዚያ ድረስ በጽሑፍ መልስ ካልሰጣችሁ በሌላችሁበት ይፈረድባችኋል። ሁለት መስመርም ቢሆን ጽፋችሁ ለአከራዩ ጠበቃ አድርሱ። የመዝገብ ቁጥር ካለው ደግሞ ለፍርድ ቤቱም።

ከዚያ ዳኛ ፊት ትቀርባላችሁ። ዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተከራይ በዚህ ክስ ነጻ ጠበቃ ይመድባል። ከአሜሪካ ስቴቶች የመጀመሪያው ነው። በኛ ካውንቲ ይህን የሚሠራው ሃውሲንግ ጀስቲስ ፕሮጀክት ነው። አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። የአሥር ዓመት ልጃችሁን አስተርጉም ብላችሁ አታስጨንቁት።

ብትሸነፉም ያለቀ አይደለም። ኪራይ ባለመክፈል ከተፈረደባችሁ፣ ከፍርዱ ቀን ጀምሮ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ውዝፉን፣ የፍርድ ቤት ወጪውን፣ እስከ 75 ዶላር የሚደርስ ቅጣትና ዳኛው ከወሰነም የጠበቃ ወጪ ከፍላችሁ ቤታችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ። ዳኛው በየጊዜው እንድትከፍሉም ሊፈቅድ ይችላል። ይህ ሁሉ ካልሆነ ፍርድ ቤቱ የማስለቀቂያ ትዕዛዝ ያወጣል። ትዕዛዙን የሚያስፈጽመው የካውንቲው ሸሪፍ ነው። ወረቀቱን ከለጠፈ በኋላ ደግሞ 3 ቀን ማለፍ አለበት። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «ውጡ» ሲላችሁ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ ሸሪፍ ነህ ወይ? የዳኛ ትዕዛዝ ይዘሃል ወይ? አከራይ ከሆነ፣ የአከራይ ወንድም ከሆነ፣ መሰርሰሪያ የያዘ ቁልፍ ሠራተኛ ከሆነ መልሱ ታውቋል።

ቁልፍ መቀየር የሚፈቀድበት ጊዜ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ተከራዩ ኪራይ አቁሞ፣ እንደማይመለስም በአፉ ወይም በሥራው አሳይቶ ቤቱን ጥሎ ከሄደ አከራዩ መግባት ይችላል። ባዶ ፍሪጅ፣ የተጫነ አልጋ፣ «ሄጃለሁ» የሚል ቴክስት፤ እንደዚህ ያለ ነገር ነው። እህታችን ግን የልጆቿ ልብስ መስቀያው ላይ፣ ድስቷ ምድጃው ላይ ነበር።

ወደ እሷ ልመለስ። ያን ሌሊት ፖሊስ ጠርታ ነበር። የመጡት «ይሄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብለው ሄዱ። ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። የፖሊሱ መልስ ግን ሕጋዊ ነው ማለት አይደለም። እሷ ያደረገችው አንድ ብልህ ነገር አለ። አዲሱን ቁልፍ ፎቶ አነሳች፣ ያን ቴክስትም አልሰረዘችም። ጠዋት ጠበቃ ጋ ሄድን። ጠበቃዋ ለአከራዩ ደወለችና አስረዳችው። ፍርድ ቤት ቢሄዱ ቤቱን መልሳ ትረከባለች፣ የደረሰባትን ጉዳትና የጠበቃዋን ወጪ ደግሞ እሱ ይከፍላል። ለ700 ዶላር ሲል ስንት ሺህ ሊያወጣ እንደሚችል ሲሰማ ዝም አለ።

ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ቁልፉን በፖስታ አድርጎ ለሽማግሌ ሰጠ። እሷ መጀመሪያ የሮጠችው ወደ መድኃኒቱ ነው። በ18 ሰባት መቶውን በመኒ ኦርደር ከፈለች፣ ደረሰኝም ተቀበለች። ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር። ደረሰኙ አሁንም ፍሪጇ ላይ በማግኔት ተለጥፏል።

አመሰግናለሁ። ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ እዚያ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ጋ ነኝ፤ አንድ በአንድ እናየዋለን።