ለሐጂ የላክኋት አጭር መልእክት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ከጅማ ሆኜ የምነግራችሁ አንድ የጽሑፍ መልእክት ለመጻፍ ምሽቱን እንዴት እንዳሳለፍኩ ነው።

ለአንድ የቡና ነጋዴ መጋዘን እየሠራሁ ነበር። ሐጂ ነው የምላቸው። የወለሉን ኮንክሪት መስከረም 3 ልንሞላ፣ 28 ቀን ጠብቀን ጥቅምት 1 ላስረክብ ተስማምተናል። የነሐሴ ዝናብ ግን አላላወሰንም። ለሙሌት ያስገባነው ገረጋንቲ ውሃ ጠጥቶ አልጠቀጠቅ አለ፤ ሠራተኛው ሲረግጠው እግሩ ሥር እንደ ሊጥ ይንቀሳቀሳል። እዚያ ላይ ኮንክሪት ብሞላ ወለሉ ወርዶ ይሰነጠቃል። ሙሌቱን አውጥቶ በደረቅ መተካት ሦስት ሳምንት ይፈጃል።

ነሐሴ 25 ማታ ልጽፍላቸው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ረጅም ነበር፤ ዝናቡ፣ የመኪናው መጥፋት፣ አምስት ጊዜ ይቅርታ። ሳነበው የክርክር መነሻ ሆኖ አገኘሁት። ሁለተኛው ደግሞ «ሐጂ፣ ለብርቱ ጉዳይ ላገኝዎት እፈልጋለሁ» የሚል ብቻ ነበር። ይኼ ይብሳል፤ ሰውዬው እስክንገናኝ ድረስ ገንዘቤ ተበላ እያሉ ሊያድሩ ነው።

በመጨረሻ የላክሁት ይህን ነው፦

«ሐጂ፣ እንደምን አመሹ? የመጋዘኑ ሥራ ሦስት ሳምንት ዘግይቷል፤ ርክክቡ ከጥቅምት 1 ወደ ጥቅምት 22 ይሄዳል። ምክንያቱን ሳይቱ ላይ ባሳይዎት ይሻላል። እስከዚያ የሚገባው ቡና የት እንደሚያርፍም አብረን እንድንወስን ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ወይም ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ቢሰጡኝ? አዲሱን መርሐ ግብር ይዤ እመጣለሁ።»

መጥፎውን ዜና ከነቀኑ ያስቀደምኩት እንዳይጨነቁ ነው። ምክንያቱን ያቆየሁት ገረጋንቲውን በእጃቸው ጨብጠው እንዲያዩት ነው፤ በስልክ ሲነገር ሰበብ ይመስላል። ዓርብን የተውኩት ለጁምዓ ብዬ ነው። ቀጣዩን ክፍያም አላነሳሁም፤ የመዘግየት ወሬና ብር አንድ መልእክት ውስጥ ከገቡ ሰው የሚያነበው ብሩን ብቻ ነው።

ማታውኑ «ሐሙስ እመጣለሁ» ብለው መለሱ።

ሐሙስ ሙሌቱ ላይ ቆመው በከዘራቸው ወጋ አደረጉት። ከዘራው ሰጠመ። ዝም ብለው አዩት። ከዚያ፣ «ግማሹን ወለል ቀድመህ ብትሞላውስ? የመጀመሪያው ቡና ይግባበት» አሉኝ።

«ያም ቢሆን ሐጂ፣ ኮንክሪቱ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀኑ ነው። ከዚያ በፊት የተጫነ ኤፍ ኤስ አር ይግባበት ብዬ አልፈርምልዎትም።»

ትንሽ አሰቡና ስልካቸውን አውጥተው ለወንድማቸው ልጅ ደወሉ፤ ለሦስት ሳምንት የሚከራይ መጋዘን እንዲፈልግላቸው። እኔ ኪራዩን ግማሽ እንደምችል ነገርኳቸው፤ አዲሱን መርሐ ግብር እዚያው ጭቃው ላይ ቆመን ፈረምን።