የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ «ሥራው የተረጋገጠ ነው» የሚባለው ሰርተፍኬት

ከኮምቦልቻ፦ በኢንተርኔት የሚሰጥ ኮርስ ሁሉ ውሸት ነው?

አይደለም፣ እታለም። «5 ሚሊዮን ኮደርስ» የሚባለውን መንግሥት በነፃ ያሰለጥናል፤ ሰርተፍኬቱም በነፃ ነው። ውሸቱ የሚጀምረው «ከጨረስሽ ሥራው እጅሽ ላይ ነው» ሲሉሽ ነው።

ከደሴ፣ አንዲት እናት፦ ልጄ በቴሌግራም የዳታ ኢንትሪ ኮርስ ተምሮ 4,000 ብር ከፈለ። ሰርተፍኬቱ ኪውአር ኮድ አለው፣ ስካን ሲያደርገው ስሙ ይወጣል። አሁን በዶላር ለሚከፈለው ሥራ «ማስያዣ 6,000 ብር ላክ» ብለውታል። ልስጠው?

አንድ ብር እንዳይሰጡት እናቴ! አብሽሪ፣ እርስዎን አልቆጣም፤ ግን ይህንኑ ስንቴ ተናገርኩ? ሥራ የሚሰጥ ሰው ገንዘብ ይከፍላል እንጂ አይቀበልም።

ኪውአር ኮዱ የሚያታልለው ብዙ ሰው ነው። ኮዱ ውስጥ ያለው አድራሻ ብቻ ነው፤ ማንም በስልኩ በደቂቃ ይሠራዋል። ስካን ሲደረግ የሚከፈተው ገጽ የሻጮቹ የራሳቸው ነው፣ ስሙንም የጻፉት እነሱ ናቸው። ሌባ ለራሱ ቢመሰክር ምን ይደንቃል? ስለዚህ ስካኑን ይተወውና ሰርተፍኬቱን ሰጠ የተባለውን ድርጅት አድራሻ በራሱ ጣት ይጻፍ። ኮርሴራ የሚል ካለበት ሰርተፍኬቱ ላይ coursera.org/verify/ ብሎ የሚጀምረውን አድራሻ ከነመለያው ሳያጎድል ያስገባል። ስሙ እዚያ ካልወጣ የያዘው ባዶ ወረቀት ነው።

ደግሞ አከፋፈሉን ይዩት። መመዝገቢያ 300፣ ኮርስ 2,500፣ ሰርተፍኬት ማውጫ 1,200 ብለው 4,000 አደረሱት እንበል። መጀመሪያውኑ «10,000 አምጣ» ቢሉት ኖሮ ጥሏቸው ይሄድ ነበር። አሁን ግን 4,000ው እንዳይቀልጥበት ብሎ 6,000 ሊጨምር ነው። ከዚያ በኋላ «የታክስ»፣ ቀጥሎ «የዶላር ማውጫ» ይሉታል። ለመሆኑ ፈትነውታል? ዳታ ኢንትሪ የሚቀጥር ሰው ቢያንስ የአጻጻፍ ፍጥነቱንና ስህተቱን ይለካል። ሳይፈትን የሚቀጥር፣ ብሩንም በግለሰብ ስም በቴሌብር የሚቀበል አሠሪ ወላሂ አላውቅም።

ልጁ መታወቂያውን ልኮላቸው ከሆነ፣ በስልኩ የሚመጣለትን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም እንዳይናገር። ለከፈለው ገንዘብ ዛሬውኑ 127 ደውሎ ለቴሌብር ያመልክት። የዝውውር ቁጥሩንና የቴሌግራም ንግግሩን ሳያጠፋ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ይሂድ። ገንዘቡ ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

ከወልዲያ፦ ይህ ሰርተፍኬት ሲኦሲ ይተካል?

አይተካም። ሲኦሲ በምዘና ማዕከል ተፈትነህ የምታገኘው ነው። «ሳትፈተን እናወጣልሃለን» ካሉህ ሽሽ።

ከሐይቅ፦ በተገዛ ሰርተፍኬት ተቀጥሬ እየሠራሁ ነው። ምን ይሻለኛል?

ወንድሜ፣ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል በወንጀል ያስጠይቃል። ይህ በሬዲዮ የሚመለስ አይደለም፤ ለአለቃህም ለጓደኛህም ከማውራትህ በፊት ጠበቃ አማክር።