በብብቱ የወየበ ነጭ ሸሚዝ፦ በረኪናው ለምን አያነጣውም?

ሰናይት፦ እንደምን ቆያችሁ፣ አድማጮቻችን። ዛሬ የምንነጋገረው በብብታቸው ሥር ስለወየቡ ነጭ የጥጥ ሸሚዞች ነው። ብሩክ፣ የወንድምህን ሸሚዝ ይዘህ መጥተሃል። ከሌላው ክፍሉ ነጭ ሆኖ ሳለ ብብቱ ብቻ እንዲህ ቢጫ የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው?

ብሩክ፦ ብዙ ሰው ላቡን ይወቅሳል፤ ይሁን እንጂ ላብ ከሰውነት ሲወጣ ቀለም አልባ ነው ለማለት ይቻላል። የብብት ላብ ጥቂት ፕሮቲንና ቅባት ይዞ ይወጣል፤ በዚያ ላይ ላብን ለመቀነስ የምንቀባው ዲኦዶራንት በውስጡ የአሉሚኒየም ጨው ካለው፣ ጨው፣ ፕሮቲንና ቅባት ተያይዘው በጥጡ ክር መካከል ይጋገራሉ። ይህ ቅሪት በየእጥበቱ ሙሉ በሙሉ ስለማይለቅ ይደራረባል፣ አየርና ሙቀት ሲያገኘውም እየወየበ ይሄዳል። እስቲ ይህን ቦታ ዳሰስ አድርጊው።

ሰናይት፦ ደረቅ ነው፤ ሰም የነካው ይመስላል።

ብሩክ፦ አሁን አንድ ጠብታ ውሃ እዚህ፣ አንድ ደግሞ የሸሚዙ ጀርባ ላይ ጣል አድርጊ። ጀርባው ላይ ጠብ ያለው ወዲያው ሰረገ፤ ብብቱ ላይ ያለው ግን ተንከባሎ ከላይ ቀረ። ይህ የቅሪቱ ዋና መለያ ነው። እንደ ኮሌታ ቢጫ ሆኖ ጨርቁ ለስላሳ ከሆነና ውሃውን የሚጠጣ ከሆነ፣ ችግሩ በአመዛኙ የቆዳ ቅባት ስለሆነ አቼቶውን ትቶ በኋላ ከምናየው የማጠቢያው ሁለተኛ ደረጃ፣ ከፐርኦክሳይዱ ቅልቅል መጀመር ይበቃል።

ሰናይት፦ በየቤቱ የመጀመሪያው እርምጃ በረኪና ማፍሰስ ነው። አንተ ግን አታፍስሱ ትላለህ።

ብሩክ፦ አዎን፣ በዚህ እድፍ ላይ በረኪና አልደግፍም። በረኪና ክሎሪን ስላለው ከላቡ ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ራሱ ቢጫ የሚሰጥ ውህድ ይፈጥራል፤ ከዚያ በላይ ካውያ ሲያርፍበት ቢጫው ይጎላል። ሳይተኮሱ እንዲለበሱ ተብለው የሚሸጡ ሸሚዞችም ሽፋናቸው ክሎሪኑን ይዞ ስለሚያስቀር ሙሉ በሙሉ ሊወይቡ ይችላሉ። ሰው ቢጫውን አይቶ በረኪናውን ሲጨምር ክሩ ይሳሳል፣ በመጨረሻም ብብቱ ይቀደዳል።

ሰናይት፦ እንግዲያው የወንድምህን ሸሚዝ እንዴት እንደያዝከው ከመጀመሪያው ንገረን። የግራ ብብቱ ከቀኙ በግልጽ ነጣ ብሏል።

ብሩክ፦ ልዩነቱ እንዲታይ ሆን ብዬ ግራውን ብቻ ነው ያጠብኩት። መጀመሪያ ሸሚዙን ገለበጥኩት፤ ቅሪቱ የተጋገረው ቆዳ በሚነካው በኩል ነውና። ከዚያም በሳፋ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ነጭ አቼቶ ከሁለት ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ጋር ቀላቅዬ ብብቱን ለአንድ ሰዓት ያህል ዘፈዘፍኩት። አሲዱ የአሉሚኒየሙን ጨው ያላቅቀዋል፤ አቼቶ ከሌለ የሎሚ ጭማቂም ይኸንኑ ይሠራል። ሳሙና ግን በዚህ ደረጃ አልጨመርኩም፤ የልብስ ሳሙና ከአሉሚኒየሙ ጋር ሲገናኝ በውሃ የማይሟሟ ሌላ ቅሪት ስለሚሠራ ሥራውን ያከብደዋል። በመጨረሻ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብዬ አሸሁትና የአቼቶው ሽታ እስኪጠፋ ድረስ በንጹሕ ውሃ አለቀለቅሁት።

ሰናይት፦ አቼቶውን ከሶዳ ጋር ቀላቅሎ የሚንፈቀፈቀውን አረፋ ማፍሰስስ?

ብሩክ፦ አረፋው ያስደስታል እንጂ አያነጻም። አንዱ አሲድ ነው፣ ሌላው ደግሞ አልካሊ፤ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋዋል። ስለዚህ አቼቶው ሥራውን ጨርሶ ከተለቀለቀ በኋላ ነው ሶዳው በሁለተኛው ደረጃ የሚመጣው። አራት የሾርባ ማንኪያ ከፋርማሲ የሚገዛ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅዬ ቀባሁትና አርባ ደቂቃ ያህል ተውኩት። ፐርኦክሳይዱ የወየበውን ቀለም ያፈርሰዋል፣ ሶዳው ኃይሉን ያግዘዋል፣ ሳሙናው ደግሞ ቅባቱን ይዞ ይወጣል። ቅልቅሉ ጋዝ ስለሚያመነጭ በክዳን የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ አይቀመጥም፤ ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ነው የሚሠራው።

ሰናይት፦ ውጤት አላየንም ብለው የሚጽፉልን አድማጮች አሉ።

ብሩክ፦ ብዙውን ጊዜ ፐርኦክሳይዱ ስለሞተ ነው። ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ፣ በተለይም ብርሃንና ሙቀት ባለበት ከቆየ፣ ቀስ በቀስ ተራ ውሃ ይሆናል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ድንች ቆርጣችሁ በተቆረጠው ገጽ ላይ ጥቂት ጠብታ አድርጉበት። ወዲያው አረፋ ካወጣ ሕያው ነው፤ ዝም ካለ ግን ሌላ ግዙ። ፀጉር ቤት ያለው ጠንካራው ፐርኦክሳይድ ይሻላል ብላችሁ እንዳትወስዱት፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጥጡንም ይጎዳል።

ሰናይት፦ የጣሪያ ታንከር ዝገት የሚያወርድባቸው ቤቶችስ?

ብሩክ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብረት ፐርኦክሳይዱን ከመጠን በላይ ያፋጥነዋል፤ የዝገት ነጥብ ባለበት ቦታ ላይ ጨርቁ ሊበሳ ይችላል። ውሃው ቀይ ከሆነ አጣርቶ መጠቀም፣ ቅልቅሉንም በብረት ሳይሆን በፕላስቲክ ሳፋ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ሰናይት፦ ከዚያ በኋላ ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል፤ እዚህስ ስሕተት የሚፈጠረው የት ላይ ነው?

ብሩክ፦ በመቸኮል ነው። እርጥብ ጨርቅ ቢጫውን ይደብቀዋል፤ ስለዚህ ለቋል ብሎ ካውያ ማሳረፍ የቀረውን እድፍ እንዲጸና ያደርገዋል። መጀመሪያ በአየር ብቻ አድርቆ፣ በቀን ብርሃን በነጭ ወረቀት ላይ አስጠግቶ ማየት ይሻላል። ጥላ መሰል ቢጫ ከቀረ ሁለተኛውን ደረጃ መድገም ይቻላል። ይህ የግራ ብብት እንኳ ፍጹም ነጭ አልሆነም፤ ስፌቱ ላይ ቀለሙ ቀርቷል፣ ውሃውን ግን አሁን ይጠጣል። ለዓመታት በካውያ የተጋገረ እድፍ ላይ ከዚህ የበለጠ ተስፋ አልሰጥም።

ሰናይት፦ አንድ ማስጠንቀቂያ እኔም ልጨምር፤ አስቀድማችሁ በረኪና የነካችሁትን ሸሚዝ በብዙ ውሃ ሳታለቀልቁ አቼቶ እንዳታፈሱበት፤ ሲቀላቀሉ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ብሩክ፦ በትክክል። መስኮት መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ ጭራሹን አታቀላቅሏቸው።

ሰናይት፦ ጥለት ላለው የሐበሻ ቀሚስስ ይሆናል ትላለህ?

ብሩክ፦ ነጩ ጥጥ ይችለዋል፤ ጥለቱ ግን ቀለሙን ሊለቅ ይችላል። አስቀድሞ በማይታይ ጠርዝ ላይ የቅልቅሉን ጠብታ አድርጎ አሥር ደቂቃ ጠብቆ በነጭ ጨርቅ ጫን ጫን ማድረግ ነው፤ ቀለም ወደ ጨርቁ ከተላለፈ ቅልቅሉን ከጥለቱ ማራቅ ግድ ነው። ሸሚዝ ለሚለብሱት ደግሞ፣ ዲኦዶራንቱ ቆዳ ላይ እስኪደርቅ ሳይጠብቁ መልበስ የአሉሚኒየሙን ጨው በቀጥታ ወደ ክሩ ስለሚያሳልፍ፣ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ፣ ሸሚዙንም ላቡ ሳይከርም በዚያው ቀን ማለቅለቅ ነው።