ከቀብዱ ቀን ጀምሮ

እሺ... እየቀዳሁ ነው። ኮሎኔሉ ዛሬ በጊዜ ጮኾ ጨርሷል፣ አሁን አጥሩ ላይ ክንፉን እያራገፈ ነው። ስለዚህ የተወሰነ ሰላም አለን።

ዛሬ የማወራው ሌላ ነገር ነበር፣ ቃል የገባሁላችሁን ታውቁታላችሁ። አልሆነልኝም። አከራዬ እትዬ ቤቱን ሊሸጡት ነው።

እሑድ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። እሳቸው ለቡና ሲጠሩኝ ወይ ቧንቧ ነው ወይ ቆጣሪ፣ ታውቃላችሁ። ፔንሳዬን ይዤ ሄድኩ። አቦሉ ላይ ስለ ዝናቡ አወራን። ቶናው ላይ ሲኒውን በእጃቸው አዞሩት፣ አዞሩት፣ «ልጄ፣ ቤቱን ልሸጠው ነው» አሉኝ። ፔንሳው ጭኔ ላይ ነው። እና እኔ ምን አልኩ? «እሺ»።

እሺ! ፈቃድ የጠየቁኝ ይመስል። ስድስት ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ያቺን «እሺ» በሌላ ቃል እየቀየርኩ አድራለሁ። «ምነው እትዬ?» ብል። «ለማን?» ብል። «መቼ?» ብል እንኳ። መቼ የሚለውን እሳቸው ናቸው ሳልጠይቅ የነገሩኝ።

«ቀብድ ከተቀበልኩባት ቀን ጀምረህ ሁለት ወር ቁጠር» አሉ።

ልብ በሉ፣ ከዛሬ አይደለም። ከቀብዱ ነው። ቀኑን እሳቸውም አያውቁት። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥተዋል። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ግን ወይ መጥታ ትፈርማለች ወይ ውክልና ትልካለች። ያ ሳይደርስ ቀብድ አልቀበልም ብለዋል። ልክ ናቸው። ቀብድ በልቶ ሐሳቡን የቀየረ ሻጭ እጥፉን ነው የሚመልሰው። ሁለት መቶ ሺህ ከተቀበሉ አራት መቶ። ገዢው ከተወው ደግሞ ቀብዱ ቀረበት። ከዚያ ውሉ ይፈረማል፣ ግብር ይጣራል፣ ስም ይዛወራል። ገዢው ግን ከዋጋው የተወሰነውን ይዞ ይቆያል፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ቁልፉን እስኪረከብ። ባዶ የሚያደርገው ማን ነው? እኔ። የመጨረሻው ብር የተንጠለጠለው በእኔ አልጋና በእኔ መጽሐፍ ካርቶን ላይ ነው ማለት ነው።

እና ቆጠርኩ። ውክልናው በዚህ ግንቦት ከመጣ ሁለት ወሩ ሐምሌ ላይ ይወድቃል። ሐምሌ! ደብረ ማርቆስ፣ በሐምሌ፣ ፍራሽ በጋሪ! ምናለ ሸራ የሚያበድረኝ... ተዉት።

ጓደኛዬ «ውል አለህ?» አለኝ። የ2016ቱ አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመትም አይነስ ይላል። እኛ ያለን የቃል ነው። እትዬን ወረቀት ይዤ ልሙገታቸው? እንጃ። ታምሜ ገንፎ ያበሉኝ ሴትዮ ናቸው።

የሚመጡትን ሰዎች በተመለከተ ደግሞ ደንብ አወጡልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ። ደላላው ከዋዜማው ይደውላል፣ አንተ በሌለህበት በርህ አይከፈትም አሉኝ። ይሄን ባይሉኝ ይከፋኝ ነበር። ደላላው ግን የሚደውለው በር ላይ ቆሞ ነው።

የመጀመሪያው ገዢ ባለፈው ቅዳሜ መጣ። ጫማውን አላወለቀም። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ጭቃ ይሁን ብሎኬት ሊለይ ነው፣ ጭቃ ድምፁ ይደፈናል። ቁም ሳጥኔን ገፋ አድርጎ ከኋላው እርጥበት ፈለገ። ጎበዝ ነው፣ እኔም ቤት ስፈልግ እንደዚያ ነው የማደርገው። ከዚያ ወጥ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ያለችውን ቡናማ እድፍ አያት። እትዬን አይደለም የጠየቀው። እኔን ነው። «ያፈሳል?»

እትዬ ዋሽልኝ አላሉኝም። የነጠላቸውን ጥለት እያዩ ነበር።

ያፈሳል እኮ! ባለፈው ክረምት ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ ሬንጅ የቀባሁት እኔ ነኝ። ባልዲው እስካሁን እዚያው ጥግ ተቀምጧል። «አሁን አያፈስም» አልኩት። ውሸት ነው? ዝናብ አልነበረም...

የሚገርመኝ ግን፣ «አዎ ያፈሳል» ብል ኖሮም ንጹሕ እውነት አይሆንም ነበር። ሰውዬው ቢሸሽ እኔ ክረምቱን እዚሁ እከርማለሁ። ዋጋ ቢቀንስ ደግሞ የሚጎዱት እትዬ ናቸው። ስለዚህ የቱን ብናገር ለማን... አላውቅም። ሰውዬው ገና አልደወለም። ምናልባት ኮርኒሱን ሳይሆን ኮሎኔሉን ፈርቶ ይሆናል፣ መሃል ላይ ጮኾበት ነበር፣ ደነገጠ ምስኪን።

ቆይ፣ ስልኬ... ደላላው ነው። ቅዳሜ ባልና ሚስት ይዤ እመጣለሁ ይላል። ዛሬ አስቀድሞ መደወሉ ራሱ...

ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ባልዲውን አሁን ነው ማስጠጋት ያለብኝ። ግን ቅዳሜ ከሰዓት እዚያው ልተወው፣ ወይስ ላንሳው? ብተወው እኮ ማንም ምንም አይጠይቀኝም፣ እሱ ራሱ... እትዬም ያዩታል። ቆይ እስቲ፣ መጣሁ...