«ዋጋው ስንት ነው?» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ

ጤና ይስጥልኝ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ።

እዚህ ያላችሁት ቡና ቆልታችሁ፣ አሽጋችሁ የምትሸጡ ናችሁ። ስለ ቡናው አልነግራችሁም፤ ጅማ ላይ ቆሞ ስለ ቡና ማስተማር ድፍረት ነው። የማወራው ስለ ከረጢቱ ነው። የማያውቃችሁ አምራች ዘንድ መጀመሪያ ስትጽፉ፣ ዋጋና ዝቅተኛ የትዕዛዝ መጠን እንዴት ትጠይቃላችሁ?

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ማሸጊያ አምራች የሽያጭ ክፍል ሠርቻለሁ። በቴሌግራም የሚመጣው ብዙው መልእክት «ሰላም፣ የቡና ከረጢት ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ነው። ምን ተብሎ ይመለሳል? የስንት ግራም? ቫልቭ ያለው? የታተመ ነው ባዶ? ስንት ፍሬ? ሻጩ ይህን ሁሉ መልሶ ከሚጠይቅ፣ የተሟላ ጥያቄ ወደላከው ሰው ያልፋል።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። በወር 300 ኪሎ የተቆላ ቡና በባለ 250 ግራም ከረጢት የምትሸጥ ሴት አለች እንበል። በወር 1,200 ከረጢት ትፈልጋለች። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ለአምራቹ እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«ለሽያጭ ክፍል። ጅማ ውስጥ ቡና ቆልተን እንሸጣለን፤ የንግድ ፈቃድና ቲን አለን። ለተቆላ ቡና 250 ግራም የሚይዝ፣ አሉሚኒየም ንብርብር ያለው፣ ባለ ቫልቭ ከረጢት እንፈልጋለን። የምንጠቀመው በወር 1,200 ገደማ ነው። እባካችሁ የባዶውን ዋጋ ለ1,000 እና ለ5,000፣ በአራት ቀለም የታተመውን ደግሞ ለ10,000 ፍሬ ንገሩን። የእያንዳንዱ ዝቅተኛ ትዕዛዝ ስንት ነው? የማተሚያ ሲሊንደር ዋጋ ለብቻው ይጻፍልን። ቫትና እስከ ጅማ ማድረሻ ተካቷል? ዋጋው እስከ መቼ ይጸናል? ናሙና መላክ ትችላላችሁ?»

በቃ። የድርጅቱ ታሪክና ራዕይ አያስፈልግም። የወር ፍጆታዋን መጻፏ ግን ይጠቅማታል፤ ሻጩ ተመልሳ የምትመጣ ደንበኛ መሆኗን የሚያውቀው ከእሱ ነው።

አሁን ወደ ዝቅተኛው መጠን እንምጣ። ብዙ ሰው «ከ10,000 በታች አንሠራም» ሲባል ተናቅኩ ብሎ ይተዋል። ምክንያቱ ማሽኑ ነው። በሲሊንደር ሲታተም ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ሲሊንደር ይቀረጻል። ማሽኑ ተስተካክሎ ቀለሙ እስኪገጥም ድረስ ከረጢቱ የሚሠራበት ፊልም ብዙ ይበላሻል። ያ ወጪ በ1,000 ከረጢት ሲካፈል ማንም አይገዛውም። ስለዚህ «ቀንሱልን» ከማለት «ዝቅተኛው መጠን የመጣው ከኅትመቱ ነው ከፊልሙ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከኅትመቱ ከሆነ ባዶ ከረጢት ገዝታችሁ ስቲከር ትለጥፋላችሁ። ከፊልሙ ከሆነ፣ ፋብሪካው ያንኑ ፊልም ለሌላ ደንበኛ የሚያመርትበትን ቀን ጠብቃችሁ አብራችሁ ታዛላችሁ። ምክንያቱን ጨርሶ ማስረዳት ያቃተው ሻጭ ምናልባት አምራች ሳይሆን በመሀል ያለ ነጋዴ ነው።

መልሱ መጣ እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ እንዳትይዙብኝ። ባዶው 18 ብር፣ ስቲከሩ 3፣ በድምሩ 21 ብር። የታተመው 16 ብር። የታተመው ይረክሳል? አራቱ ሲሊንደሮች 60,000 ብር ቢሆኑ፣ በ10,000 ሲካፈል ከረጢቱ ላይ 6 ብር ይጨምራሉ። የመጀመሪያው ትዕዛዝ 22 ብር ገባ ማለት ነው። ጥቅሙ የሚመጣው በሁለተኛው ትዕዛዝ ነው፤ ያኔ 16 ይሆናል። ለዚህ ደግሞ ሲሊንደሩ የማን እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚያስቀምጡላችሁ በጽሑፍ ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። 10,000 ከረጢት ለዚህች ሴት ከስምንት ወር በላይ ይቆያል። ለተፈጨው፣ ላልተፈጨውና ጠቆር ተደርጎ ለተቆላው የተለያየ ዲዛይን ከፈለገች፣ ዝቅተኛው መጠን በየዲዛይኑ ስለሆነ 30,000 ይሆናል፤ ከሁለት ዓመት በላይ! አንድ ዲዛይን አሳትማ ልዩነቱን በትንሽ ስቲከር ብታሳይ ይሻላታል።

ዋጋ ስታወዳድሩ መለኪያውን እዩ። አንዳንዱ አምራች በኪሎ ነው የሚነግራችሁ። አንዱ ከረጢት 10 ግራም ቢመዝን ከኪሎ 100 ይወጣል፤ 12 ግራም ቢመዝን 83 ብቻ። የኪሎ ዋጋው የረከሰው በፍሬ ሊወደድ ይችላል። የታተመ ስታዙ ደግሞ ሊበልጥ ወይም ሊያንስ የሚችለውን መጠን ጠይቁ። አሥር ከመቶ ከተባለ፣ 11,000 መጥቶ የ11,000 ሂሳብ ሊጠየቅ ይችላል።

ናሙናው ሲደርስ አዲስ የተቆላ ቡና ሞልታችሁ አሽጉና አሳድሩት። ከረጢቱ እንደ ኳስ ከተነፋ ቫልቩ አይሠራም። ሳይነፋ ቀርቶ ጫን ስትሉት በስፌቱ በኩል አየር የሚወጣ ከሆነም አትቀበሉ። ቅድሚያ ክፍያ ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም በፕሮፎርማ።

መልስ ካልመጣ ከሁለት የሥራ ቀን በኋላ ደውሉ፤ የላካችሁትን ጽሑፍ ከፊታችሁ አድርጉ። አሁን ስልካችሁን አውጡና ለአምራች የላካችሁትን አሳዩኝ፤ ከፊት ረድፍ እንጀምር።