ያልቀላ ቡና የለቀሙልኝ ሰዎች
(ለጅማ ፎቶ ቤት ባለቤቶችና ኤዲተሮች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ሰብሳቢያችን ስለ ቀለም አሥር ደቂቃ ተናገር ብለውኛል። እኔ ግን የማወራው ስለ አንድ ቲሸርት ነው።

ታሪኩን ግማሾቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስታሾፉብኝም ከርማችኋል። ከአጋሮ መንገድ የመጡ የቡና ገበሬዎች የቡድን ፎቶ አንስቼ ነበር። አሥራ አራት ሰዎች፣ ሁሉም ቀይ ቲሸርት የለበሱ፣ ፊታቸው እሸት ቡና የሞላ ቅርጫት፣ ጀርባቸው የቡና ዛፍ። በኋላ «ቲሸርታችን ወደ አረንጓዴ ተቀይሯል፣ ባነሩም በአረንጓዴ ይሁን» አሉ። እኔም ልክ እንደ እናንተ Photoshop ላይ Hue/Saturation ከፈትኩ። Master ላይ ሆኜ ብገፋው ዛፉ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ብልጥ ነኝ ብዬ Reds መረጥኩና Hueን +120 አደረግሁት። ቲሸርቱ አረንጓዴ ሆነ። ፊቶቹም የታመመ ሰው መሰሉ። እነሱን በብሩሽ አንድ በአንድ መለስኩ፣ አሳተምኩ፣ ሦስት ሜትር ባነር ተሰቀለ።

አንድ አዛውንት ባነሩ ሥር ቆመው ብዙ ጊዜ ተመለከቱና «ልጄ፣ እኛ ያልቀላ ቡና ለቅመን እናውቃለን?» አሉኝ።

ቅርጫቱ! ቀይ እሸቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል። ቡና ለቃሚን ከዚህ በላይ መስደብ አይቻልም።

እስቲ ለምን እንደሆነ እንየው። በቀለም ክብ ላይ ቀይ 0 ዲግሪ ላይ ነው፣ አረንጓዴ 120 ላይ። Reds ስትመርጡ ፕሮግራሙ ከ345 እስከ 15 ዲግሪ ያለውን ሙሉ በሙሉ ይቀይራል፤ ከዚያ ወዲያ እየቀነሰ እስከ 45 ድረስ ይነካል። የእኛ ቆዳ፣ ከጠይም እስከ ቀይ ዳማ፣ በአብዛኛው የሚያርፈው እዚያው መሀል ነው። ከንፈርም፣ ቅርጫትም፣ አፈሩም እንደዚያው። ስለዚህ ቲሸርቱን ከፊቱ በቀለም መለየት አይቻልም። የሚለየው ቦታው ነው። ቦታ የሚለይልን ደግሞ ማስክ ነው።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። እኔ መጀመሪያ ሁሉንም ቀይሬ የተበላሸውን ስፈልግ ነው የዘነጋሁት። መጀመሪያ ቲሸርቱን ብቻ በ Quick Selection ምረጡ፤ በስህተት የገባ እጅ ካለ Alt ይዛችሁ አውጡት። ምርጫው ሳይጠፋ Hue/Saturation የሚለውን ሌየር ጨምሩ፤ ማስኩን ራሱ ይሠራዋል። Hueን +120 አድርጉ፤ ከዚያ የማስኩን ጠርዝ Feather ላይ ግማሽ ፒክሰል አለስልሱት። አረንጓዴው ደግሞ እንደ መብራት ከበራባችሁ አትደንግጡ፤ እኩል የሞላ አረንጓዴ ለዓይን ከቀይ ይልቅ ብሩህ ነው። Saturationን ወደ -30 ገደማ አውርዱት፤ ያኔ ጨርቅ ይመስላል።

አሁን ወደ መጣሁበት ቁጣ ልግባ። «ደንበኛው አያስተውልም» የምትሉ አላችሁ። አያስተውልም? የቡናውን ቅላት እኔና እናንተ ሳንወለድ የሚያውቅ ሰው አያስተውልም? ያላስተዋልነውስ እኛ አይደለንም? የአንድ ደቂቃ ፍተሻ አለ፣ አንሠራውም! ሲጨርሱ Ctrl+Alt+Shift+E ተጭኖ የተጠናቀቀውን ሥዕል በላዩ መቅዳት፣ የቀለሙን ሌየር መደበቅ፣ ቅጂውን Difference ማድረግ። ያልተነካው ሁሉ ጥቁር ይሆናል። መብራት ያለበት ቲሸርቱ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ጭላንጭል ካለ ቀለም አፈትልኳል ማለት ነው፤ ደብዛዛ እንዳያመልጣችሁ በላዩ Levels ጨምሩና አብሩት። እኔ ያን ቀን ይህን አድርጌ ቢሆን ቅርጫቱ እንደ ከዋክብት ይበራ ነበር።

አንድ ነገር ግን ይህ ፍተሻም አይነግራችሁም። ቀይ ልብስ ከታች አገጭ ላይ ቀይ ነጸብራቅ ይጥላል። ልብሱ አረንጓዴ ሆኖ አገጩ ቀይ ከቀረ ጭንቅላቱ የተለጠፈ ይመስላል። እዚያ +120 አታስገቡ፤ ሌላ የ Hue/Saturation ሌየር ላይ የቀዩን Saturation ብቻ ቀንሱ፣ ማስኩን በጥቁር ሙሉትና አገጩን በነጭ ለስላሳ ብሩሽ፣ 15 በመቶ ገደማ ኦፓሲቲ፣ ቀስ ብላችሁ ንኩት።

«ነጭ ሸሚዝስ?» ብትሉኝ፦ ነጭ ላይ Hue ብትገፉት አይሠራም፣ ሙሌት የለውማ። Solid Color ጨምሩና Multiply አድርጉት። ቲሸርቱ ላይ ነጭ ፊደል ካለ ለዚሁ ምክንያት በ Hue አይለወጥም፤ ቢጫ አርማ ካለ ግን ቀድማችሁ ከምርጫው አውጡት። በቴሌግራም ፎቶ ስትቀበሉ ደግሞ እባካችሁ በፋይል ይላኩላችሁ፤ ሲጨመቅ ቀለሙ ከልብሱ ጠርዝ ወደ አንገት ይፈስሳል።

ያንን ባነር አልጣልኩትም። በሩ አጠገብ ዘርግቼዋለሁ። ስትወጡ ከግራ ሦስተኛዋን እናት እዩ፤ ቅርጫቱን የያዘችበት አውራ ጣት ዛሬም አረንጓዴ ነው። አዛውንቱም እሱን አላዩትም፤ እኔ ያገኘሁት ከወር በኋላ ነው።